ሲያትል ካለው ልጅ ጋር ሰዓታችን አልገጥም አለ

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የአክስቴ ልጅ ካስተዋወቀችኝ፣ ሲያትል ከሚኖር ልጅ ጋር ማውራት ከጀመርን ሦስት ወር ሆነን። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። እሱ ከሥራ ገብቶ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲደውል እኔ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ እናወራለን። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚያ ሰዓቱ በአንድ ወደ ኋላ ሲመለስ ልዩነታችን ከ10 ወደ 11 ሰዓት ከፍ አለ። አሁን እሱ ሲደውል እኔ ጋ 3 ሰዓት ነው፤ ቢሮ ስለምገባ ማንሳት አልችልም።

ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ላይ እኔ ልደውል አልኩት። እሱ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ተስማማ። ከደወልኳቸው አምስት ጊዜያት ግን ያነሳው ሁለቱን ነው። በማግስቱ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» የሚል ድምፅ ይልካል፣ መልሶ ግን አይደውልም። ስድስት ቀን ዝም ብዬ ባየው አንዴ ብቻ ጻፈልኝ። እሁድ ሲገኝ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወራኛል፤ የእናቴን የሐኪም ቀጠሮ እንኳ አይረሳም። ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው።

እኔ ሰዓት መፈለጌን ትቼ፣ ቀኑንም ሰዓቱንም አንተ መርጠህ ደውል ብለው ገና በሦስት ወራችን ጫና ይሆንበታል?