ኢርበዴ ከስልኩ ጋር ይገናኛል፣ ግን የሚሰማው በአንድ ጆሮ ብቻ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። የብሉቱዝ ኢርበዴ ከስልኬ ጋር በደንብ ይገናኛል። ድምፅ የሚወጣው ግን ከቀኙ ብቻ ነው፤ ግራው ጭጭ ብሏል።

ግራው የተበላሸ አይመስለኝም። ቀኙን ኬዝ ውስጥ ትቼ ግራውን ለብቻው ሳወጣው ከስልኩ ጋር ተገናኝቶ ጥርት ብሎ ይሰማል። የስልኩ የድምፅ ሚዛንም መሃል ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ላይ ሳወጣ ነው። ያን ጊዜ የብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ ያው ስም ሁለት ቦታ ይታያል። የቀኙ መብራት ይጠፋል፣ የግራው ግን ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀ ብልጭ ድርግም ማለቱን አያቆምም። እንደገባኝ ሁለቱ እርስ በርስ መገናኘት ትተው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስልክ እየፈለጉ ነው።

ሁለቱንም ስሞች ከስልኩ ላይ Forget ብዬ አጥፍቻለሁ። የቻርጅ ነጥቦቹን በደረቅ ጥጥ ጠርጌያለሁ። ከዚያ ሁለቱን ኬዝ ውስጥ አድርጌ፣ መብራቱ እስኪለወጥ የኬዙን ቁልፍ ተጭኜ ሪሴት አደረግኩ። ግራው ያው ነው። ሪሴቱ ለቀኙ ብቻ እየደረሰ ይሆን?

አሁን ያሰብኩት የስልኩን ብሉቱዝ አጥፍቼ፣ ሁለቱንም አውጥቼ፣ የግራና የቀኙን መንኪያ እኩል ተጭኜ መያዝ ነው። መጀመሪያ እርስ በርስ ከተገናኙ በኋላ የስልኩን ብሉቱዝ እከፍታለሁ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው? መመሪያ ወረቀቱ የለኝም። እንዲህ ያለ ገጥሟችሁ ያስተካከላችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህል ሰከንድ እንደያዛችሁትና መብራቱ ምን እንዳሳየ ንገሩኝ።