አባቴ ከውርስ ነቅሎኛል፤ የሕግ ሰው ካለ ምከሩኝ

የአባታችን አርባ ከወጣ በኋላ ኑዛዜው ተነበበ። ቤቱ ለሦስቱ ወንድሞቼ ነው። የእኔ ስም የመጣው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ «ታምሜ ስላልጠየቀኝ ከውርስ ነቅየዋለሁ»።

ከዱባይ በየወሩ ገንዘብ የላክሁበት ደረሰኝ በእጄ አለ። ጠበቃው ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 938 መሠረት ፍርድ ቤት የሚያየው ምክንያቱ ልጅን ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን እንጂ እውነት መሆኑን አይደለም አለኝ። የሞተ ሰው ቃል ይታመናል ማለት ነው?

ጣሊያን ያለችው አክስቴ «እዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ልጅ ያለው ወላጅ የትዳር ጓደኛ ካልተወ ሁለት ሦስተኛው ለልጆች የተጠበቀ ነው» ትላለች። የእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ድርሻ ይጠብቃል? አለመጠየቅስ በቂ ምክንያት ነው ብሎ የተፈረደበት ሰው አለ?