ክርክር፦ ፊርማው በፎቶ የተላከ ውል ያስራል?

ታደሰ፦ «አዳማ አከፋፋይ ነኝ። ሐዋሳ ካለ ነጋዴ ጋር ለ120 ካርቶን ሳሙና በቴሌግራም ተስማማን። ውሉን በፒዲኤፍ ላክሁለት፣ የፊርማውን ፎቶ ለጥፎ ‹እሺ ጫን› ብሎ መለሰ፤ 30,000 ብርም በባንክ አስገባ። ዕቃው ሲደርስ ዋጋ ወርዷል ብሎ አልረከብም አለ። በእጄ የፈረምኩት የለም ይላል። ውሉ ይጸናል?»

ጌታሁን፦ አይጸናም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1727 ፊርማና ሁለት ምስክር ይፈልጋል። የእናንተ ምስክር የት አለ?

ሰላማዊት፦ ጋሽ ጌታሁን፣ 1727 የሚመጣው ውሉ የግድ በጽሑፍ ይሁን ሲባል ነው። የሳሙና ሽያጭ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ 1719ን ይመልከቱ። «እሺ ጫን» የሚለው መልእክት በቂ ስምምነት ነው። በ1692 መሠረት ደግሞ ተራርቀው የተዋዋሉ ሰዎች ውል ተደረገ የሚባለው መቀበያው መልእክት በተላከበት ቦታና ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ተደርጓል።

ጌታሁን፦ ፒዲኤፍ መላላካቸውስ? ራሳቸው ጽሑፍ መርጠዋል ማለት ነው።

ሰላማዊት፦ እሱ የታደሰ ደካማ ጎን ነው፣ አልክድም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ (1205/2012) መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ አይሁን ይላል እንጂ የምስክሩን ነገር ያን ያህል አይፈታልንም።

ዘይነባ፦ እኔም ቤት የገዛሁት በዋትሳፕ ተፈራርመን ነው፣ ማንም ምንም አላለኝም።

ሰላማዊት፦ ዘይነብዬ፣ ቤት ሌላ ነው! 1723 ጽሑፍም ምዝገባም ይጠይቃል። ነገ ሻጩ ቢክድሽ ዋትሳፑ አያድንሽም።

ጌታሁን፦ ያ የፊርማ ፎቶስ? ለማንም የሚገለበጥ ነገር!

ሰላማዊት፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። የፊርማ አዋጁ (1072/2010) የሚያከብረው ዲጂታል ፊርማ ከባለቤቱ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚወጣ ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ሰነዱ ላይ አንድ ፊደል ቢነካ ማረጋገጫው ይከሽፋል። ፎቶው ይህን አያደርግም፣ ቢቀየርም አናውቅም። ቻቱም ቢሆን ሰውየው ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ ታደሰ፣ ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከፍተህ ሙሉውን አውጣ፣ ስልኩንም አትቀይር። ስክሪንሾት ብቻውን ይከራከሩበታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ብሩ ነው፤ ከራሱ ሒሳብ ወጥቷል፣ 1883 ደግሞ ቀብድ መሰጠቱ ለውል መኖር ማስረጃ ነው ይላል።

ጌታሁን፦ ቀብድ ከሆነማ 1885ንም አንብቢለት! ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል። 30,000ውን ትቶ ይሄዳል፣ ታደሰም የመኪናውን ኪራይ እንኳ አይጠይቅም።

ሰላማዊት፦ ሌላ ካልተስማሙ በቀር። ደግሞስ የዋጋው ክፍል ቢሆንስ? ታደሰ፣ ደረሰኙ ላይ ምን ብሎ ጻፈ?

ታደሰ፦ ባንኩ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ይላል። ቻቱ ላይ ግን እኔ ራሴ «ቀብዷ ደረሰች» ብዬዋለሁ።

ጌታሁን፦ በል እንግዲህ፣ አለቀልህ።

ሰላማዊት፦ አላለቀም! የከፋዩ ቃል ይቀድማል ብዬ እከራከርልሃለሁ።

ጌታሁን፦ ዳኛው ደግሞ የሻጩን ቃል ቢያስቀድምስ?