የዕቅድ ውይይት፦ በእድራችን መዝገብ ላይ ቀንና ሰዓት እንዴት ይጻፍ?

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ አብረን እናብስለው። አባሎቻችን አዲስ አበባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሪያድ፣ ፍራንክፈርትና ሃይፋ ናቸው፤ ሁሉም በለመደው መንገድ ሲጽፍ አንዱ መዝገብ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሆኗል። «05/06/2018» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2018 ወይም በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ሜይ 6 ቀን 2018ም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በትክክል ያሉ ቀኖች ስለሆኑ መስመሩን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም፤ በመጀመሪያውና በሌሎቹ መካከል ደግሞ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ።

የእኔ ሐሳብ እያንዳንዱ ነገር በሁለት መስመር ይጻፍ የሚል ነው፦

```
ቅዳሜ መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 3:00፣ አዲስ አበባ
2026-03-14T21:00+03:00
```

በላይኛው መስመር ወሩ ሁልጊዜ በስሙ እንጂ በቁጥር አይጻፍ። በታችኛው ደግሞ ቁጥር ብቻ፣ ዓመቱ ቀድሞ። እንዲህ ከሆነ አንዱን ከሌላው ማደናገር አይቻልም። መጨረሻ ላይ ያለው +03:00 የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት እንደሚቀድም ይናገራል።

አንጋፋ አባል፣ አዲስ አበባ
ልጆች፣ ቅር ያለኝን ልናገር። አባቶቻችን ያቆዩልንን የዘመን አቆጣጠር ትተን በፈረንጅ ቀን መዝገብ ልንይዝ ነው? ይህን ጉባኤው አይቀበለውም።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ
ጋሼ፣ የሚቀር ነገር የለም። የኛው ቀን ከላይ ነው፤ ለአባላት የሚነበበውም፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈረመውም እሱ ነው። የታችኛው መስመር ከባንክ ደረሰኝና ከኮምፒውተሩ ጋር ለማመሳከሪያ ነው።

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ይህን ያህል የሚያስቸግር አይመስለኝም። በዓመቱ ላይ 8 መደመር፣ ከሰዓቱ 6 ማንሳት በቃ። ሁለተኛውን መስመር እያንዳንዱ በራሱ ሊያሰላው ይችላል።

መዝገብ ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ
ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ይሆናል። በሰዓቱም ቢሆን 6 ማንሳት የሰዓቱን ቁጥር ብቻ ይሰጥሃል፤ ጠዋት ይሁን ማታ አይነግርህም። «3 ሰዓት» ብለህ ብትጽፍልን 9:00 ይሁን 21:00 አናውቅም። ስለዚህ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ቃላት እንደ ቁጥሩ ግዴታ ይሁኑ። እናንተ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በአማርኛ «2 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ሲባል አንዱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም 14:00 ይገባዋል፤ ሌላው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይላል።

ለስሌት ስህተት አንድ መያዣ አለን፤ የሳምንቱ ቀን። ቅዳሜ በኛም በእነሱም ቅዳሜ ነው። ሁለቱ መስመሮች ላይ ያለው ቀን ካልገጠመ አንዱ ስህተት ነው ማለት ነው። የታችኛው መስመር C2 ላይ ከሆነ ኤክሴል ይህን ይነግራችኋል፦

```
=TEXT(DATEVALUE(LEFT(C2,10)),"dddd")
```

ለላይኛው ምሳሌ የሚመጣው `Saturday` ነው። አንድ ቀን ብቻ ከተዛነፈ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ጳጉሜ፣ ወይ ሌሊት።

አንጋፋ አባል፣ አዲስ አበባ
እንግዲያው የጳጉሜን ነገር እኔ ልንገራችሁ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ያሳስታል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። አሁን 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው፤ 2019 ሉቃስ ነው። የ2019 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ የ2020 ግን ሴፕቴምበር 12። ለዚህ ነው በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረው፤ በእነሱ ግን ያው ጃንዋሪ 7 ነው።

መዝገብ ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ
ጋሼ፣ እናመሰግናለን፤ ይህ በረቂቁ ይግባ። የአንድ ቀን መዛነፉ የሚዘልቀው እስከ የካቲት 21 ነው፤ የዚያ ዓመት የካቲት 21 የእነሱ ፌብሩዋሪ 29 ስለሆነ ከየካቲት 22 ጀምሮ እንደ ወትሮው ይገጥማል። በ2020 መዝገብ የሚይዝ ሰው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በለመደው ሠንጠረዥ እንዳይገለብጥ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሪያድ
የእኔ ጭንቀት ኤክሴሉ ነው። ወርኃዊ መዋጮ ስመዘግብ ቀኑን በቁጥር ጽፌ ነበር። አንዳንዱ በሳጥኑ ግራ ጥግ ይቀመጣል፣ አብዛኛው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ምን ማለት ነው?

መዝገብ ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ
እህቴ፣ ወደ ቀኝ የሄደው ኤክሴል «ይህ ቀን ነው» ብሎ የተቀበለው ነው፤ የተቀበለውም እንደ እነሱ ቀን ነው። 30/06/2018 ብለሽ የካቲት 30ን ስትጽፊ እሱ ጁን 30 ቀን 2018 አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ምንም አይነግርሽም። ግራ የቀረው እነሱ ጋ የሌለ ቀን ነው። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/02/2018 ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ ግራ የቀሩት መስመሮች የዳኑት ናቸው፤ የሚያሰጉት ወደ ቀኝ የሄዱት ናቸው።

ከሁሉ የከፋችው ጳጉሜ ናት። ቅንብሩ የአሜሪካ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ጳጉሜ 3ን 3/13/2018 ብሎ የጻፈ ሰው ማርች 13 ያገኛል። መፍትሔው ምንም ሳይጻፍ አስቀድሞ ዓምዱን ሙሉ `Text` ማድረግ ነው። ከተጻፈ በኋላ ብትቀይሪው ቀኑ አምስት አሃዝ ወዳለው ቁጥር ይለወጣል እንጂ የጻፍሽው አይመለስም።

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ስለ ስብሰባውስ? ባለፈው ስብሰባ እዚህ ያለነው ግማሾቻችን አንድ ሰዓት ቀድመን ገባን።

አባል፣ ፍራንክፈርት
ሰዓት የሚቀየርበት ወቅት ነበር። አዲስ አበባ ሰዓቷን አትቀይርም፤ እናንተ በማርች ሁለተኛው እሁድ ትቀይራላችሁ፣ እኛ ደግሞ በመጨረሻው እሁድ። በ2026 የእናንተ ማርች 8 ነበር፣ የኛ ማርች 29፣ የእስራኤል ደግሞ ዓርብ ማርች 27። በመካከሉ ባሉት ሦስት ሳምንታት በእኛና በእናንተ መካከል የለመድነው ልዩነት አይሠራም። የመጋቢት 5ቱ ስብሰባ አዲስ አበባና ሪያድ 21:00፣ ሃይፋ 20:00፣ ፍራንክፈርት 19:00፣ ሲልቨር ስፕሪንግ 14:00 ነበር። ከሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ ለእናንተ 13:00 ነበር፤ ከማርች 29 በኋላ ደግሞ ለእኛ 20:00 ይሆናል።

መዝገብ ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ
ከዚህ ተነሥቼ አንድ ልዩነት እንድናደርግ ልጠይቅ። ላለፈ ነገር +03:00 ወይም -04:00 ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የሆነው ሆኗል። ለወደፊት ስብሰባ ግን የቦታውን ስም `Africa/Addis_Ababa` ወይም `America/New_York` ብለን እንያዝ። መንግሥታት የሰዓት ለውጥ ደንባቸውን ሊያሻሽሉ ይችላሉ፤ የቦታው ስም ከተያዘ የስልኩ ቀን መቁጠሪያ አዲሱን ደንብ ተከትሎ ያስተካክላል።

አባል፣ ሃይፋ
ታዲያ ስብሰባው በማን ሰዓት ይታሰር? ሁልጊዜ ከምሽቱ 3:00 በአዲስ አበባ ካልን የአሜሪካኖቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘዋወራል። በእነሱ ከታሰረ የአዲስ አበባው ይዘዋወራል። ለእኔ የመጀመሪያው ይሻላል፤ የማይንቀሳቀስ ሰዓት ያላት አዲስ አበባ ናት።

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እኛ ቅዳሜ ቀን ሥራ የምንውል ብዙ ነን። ይህን ጉባኤው ይወስን።

አንጋፋ አባል፣ አዲስ አበባ
የሌሊቱን ነገር ግን አላነሣችሁትም። የእድር መዝገብ ከሁሉ በላይ የሚይዘው የሞት ቀን ነው። ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ያረፈ ሰው በየትኛው ቀን ይጻፋል? በኛ ልማድ ሌሊቱ ሳይነጋ ሰኞ ነው የሚባለው።

መዝገብ ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ
ጋሼ፣ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የኛ አነጋገርና የእነሱ ቀን ይለያያሉ። ሰኞ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 አልፎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለእነሱ ማክሰኞ ኤፕሪል 21፣ 02:00 ነው። «ሰኞ ሌሊት» ብቻ ከተጻፈ ኋላ የሚያነበው ሰው ሰኞ ንጋት ላይ የነበረውን ሌሊት ሊረዳ ይችላል። አማርኛችን ግን መፍትሔውን ይዞታል፦ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ»። ሁለቱንም ቀን ስለሚጠራ የሚያሻማ አይደለም። በዚያ ሰዓት ለሆነ ነገር ሁሉ አጥቢያ ተብሎ ይጻፍ።

የቀኑ ቁጥር ሚያዝያ 12 ይሁን 13 ግን አልተስማማንም። እኔ 13 እላለሁ፤ የታችኛው መስመር የሳምንት ቀን የሚገጥመው ያኔ ነው። ጋሼ 12 ይላሉ።

አንጋፋ አባል፣ አዲስ አበባ
አዎ፣ እላለሁ። ቤተሰቡ የሚያስበው ቀን እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ሪያድ
በውጭ ላረፈውስ? ሲልቨር ስፕሪንግ ሰኞ ሚያዝያ 12 በ18:00 ያረፈ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት አዲስ አበባ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ወሬው የሚደርሰን ማክሰኞ ሲነጋ ስለሆነ እዚህም እዚያም በተለያየ ቀን ይጻፋል።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ
የሆነበት ቦታ ቀን ይጻፍ። በዚያ ምሳሌ `2026-04-20T18:00-04:00`፣ ሰኞ ሚያዝያ 12። ለአርባው ልዩነት ያመጣል፦ ያረፈበትን ቀን አንድ ብለን ብንቆጥር ከሚያዝያ 12 አርባው ግንቦት 21፣ ዓርብ ይውላል፤ ከ13 ከተነሣን ቅዳሜ ግንቦት 22። ለተዝካሩ ቀን መቁረጥ የቤተሰቡና የነፍስ አባታቸው ነው፤ መዝገቡ የሚያስቀምጠው ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ነው። ጋሼ፣ ይህ ያስማማናል?

አንጋፋ አባል፣ አዲስ አበባ
አጥቢያው ከተጻፈ፣ ቦታውም ከተጻፈ፣ ለጊዜው አልቃወምም። የቁጥሩን ነገር ግን ጉባኤው ይስማው።

ገንዘብ ያዥ፣ ሪያድ
አሮጌዎቹን መስመሮች ምን ላድርግ? ከባንክ ደረሰኝ ጋር የሚገጥሙትን አስተካክላለሁ፤ ሌሎቹ ደረሰኝ የላቸውም።

መዝገብ ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ
ደረሰኝ የሌላቸውን አትገምቺ። የመጀመሪያው አጻጻፍ እንዳለ ይቆይ፤ ከጎኑ አዲስ ዓምድ ክፈቺና «ያልተረጋገጠ» በይ። ከአሜሪካ የመጣ ደረሰኝ 10/01/2025 ካለ ኦክቶበር 1 ነው፤ ረቡዕ መስከረም 21 ቀን 2018። ከአውሮፓ ከመጣ ግን ያው ቁጥር ጃንዋሪ 10 ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ከየት አገር እንደተላከ ሳታዪ ቀኑን አትገልብጪ።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ
እንግዲህ ለድምፅ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው፦ የአጥቢያው ቀን ቁጥርና የስብሰባው ሰዓት መታሰሪያ። ሌላው በረቂቁ ይግባ። አባል ከሃይፋ፣ ያንተን ሐሳብ በጽሑፍ ላክልኝ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግም የቅዳሜ ሥራ ያለባችሁ ስንት እንደሆናችሁ ቆጥራችሁ አሳውቁኝ።