ጥቆማ፦ ለፍሪጅ ሽታ አቼቶ ይሻላል ቤኪንግ ሶዳ?

የሰሚቷ፦ አራት ቀን ከቤት ርቄ ስመለስ መብራት ጠፍቶ ኖሮ ፍሪዘር ውስጥ የነበረው ሥጋ ተበላሽቶ ጠበቀኝ። ሥጋውን ጣልኩ፤ ፍሪጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኩ። አሁንም በሩን ስከፍት ይሸታል። አቼቶ ልግዛ ወይስ ቤኪንግ ሶዳ?

ማሂ፦ ቤኪንግ ፓውደር በሳህን አድርገሽ አስቀምጪ። እኛ ሰፈር ካለው ሱቅ ሌላ ቦታ አትግዢ፣ ዕቃቸው አንደኛ ነው።

ቤቲ፦ ማሂዬ፣ ፓውደርና ሶዳ አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ስታርችና አሲድ ተቀላቅሎበታል። ለሽታ የሚሆነው ንጹሁ ሶዳ ነው።

ማሂ፦ እኔ ከዚያ ሱቅ ገዝቼ ሠርቶልኛል።

አቤል፦ እኔ ጋ የመጣው ሠራተኛ «ሽታው የጋዝ ነው» ብሎ ጋዝ ሞልቶ ብሬን ወሰደ። በሳምንቱ ሽታው ተመለሰ!

ሄለን፦ ስንት አስከፈለህ? እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል።

አቤል፦ አታንሺብኝ። ገና ያንገበግበኛል።

ፍሪጅ ጠጋኙ፦ አቤል፣ የፍሪጅ ጋዝ እንደ በሰበሰ ሥጋ አይሸትም። ጋዝ ካለቀ ፍሪጁ አያቀዘቅዝም።

እህቴ፣ መጀመሪያ ሽታው ያለበትን ቦታ ፈልጊ። ሶኬቱን ንቀዪ። የበሩን ጎማ እጥፋት ገልጠሽ በጨርቅ ጥረጊ። ከውስጥ ከኋላው ግድግዳ ግርጌ ውሃ የሚወርድባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የሥጋው ደም በእሷ ወርዶ ከኋላ ሞተሩ ላይ ያለው ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲሞቅ ያሸተዋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ውስጡን እጠቢ፤ ከዚያው ጥቂት በቀዳዳዋ አፍሺ። በሩን ከፍተሽ አንድ ቀን ይድረቅ። በመጨረሻ ደረቅ ሶዳ በሰፊ ሳህን አስቀምጪ።

ሳሚ፦ የእኔ ማይክሮዌቭ ፈንዲሻ አርሮበት ነበር። ሎሚ ቆራርጬ በአንድ ሲኒ ውሃ አፈላሁና በሩን ሳልከፍት አሥር ደቂቃ ተውኩት። በጨርቅ ስወለውለው ለቀቀ።

ቤቲ፦ ሳሚ፣ የተጠየቀው ፍሪጅ ነው።

ዮናስ፦ በረኪናና አቼቶ ደባልቂበት፣ ይጨርሰዋል። የቆሻሻ ባልዲዬን እንደዚያ ነው የማጥበው።

ፍሪጅ ጠጋኙ፦ ዮናስ ወንድሜ፣ እባክህ ተው! ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ባልዲውን በአንዱ ብቻ እጠብ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፍ። የሚያሸተው እርጥበቱ ነው።

ሄለን፦ የቡና አተላስ? እናቴ የምትጠቀመው እሱን ነው።

ቤቲ፦ በደንብ ከደረቀ ይረዳል። እርጥቡ ግን ይሻግታል።

የሰሚቷ፦ ሳህኑን አገኘሁት፣ ጥቁር ውሃ አቁሯል! ግን ተስቦ አይወጣም።

ፍሪጅ ጠጋኙ፦ አትጎትቺው፣ ይሰነጠቃል። ጓንት አድርገሽ በስፖንጅ እየመጠጥሽ አውጪው። በሳምንቱም ካልለቀቀ ደሙ በስንጥቅ ከፕላስቲኩ ጀርባ ወዳለው ፎም ገብቶ ይሆናል። ያ ከሆነ በሶዳም በአቼቶም አይወጣም።

ማሂ፦ ሶዳውን ግን ከነገርኩሽ ሱቅ ግዢ።