የዱቤ ገንዘብ ሲሰበሰብ ክሬዲት የሚደረገው የቱ ሂሳብ ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ትንሽ ሱቅ ዕለታዊ ሽያጭ እየመዘገብኩ አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬአለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሽያጭ 5,000 ነበር፤ 3,800 በጥሬ ገንዘብ፣ 1,200 በዱቤ። ጥሬ ገንዘብን በ3,800፣ ተሰብሳቢ ሂሳብን በ1,200 ዴቢት፣ ሽያጭን በ5,000 ክሬዲት አደረግኩ። ሀብት ሲጨምር ዴቢት፣ ገቢ ሲጨምር ክሬዲት፤ እስከዚህ ግልጽ ነው።

ግራ የገባኝ የማግስቱ ነው። በዱቤ ከወሰዱት አንዱ 700 ከፈለ። ጥሬ ገንዘብ ስለጨመረ ዴቢት መሆኑ አያከራክርም፤ ክሬዲቱ ግን የት ይሂድ? ሱቁን አብሮኝ የሚይዘው ሰው «ገንዘብ እስከገባ ድረስ ሽያጭ ነው» ባይ ነው። እኔ ግን ዕቃው የተሸጠው ትናንት ስለሆነ ተሰብሳቢው በ700 ክሬዲት ሆኖ ወደ 500 መውረድ ያለበት ይመስለኛል። በእሱ መንገድ ከሄድን የ5,000ው ሽያጭ 5,700 ይሆናል፤ ደንበኛውም ከፍሎ ሳለ መዝገቡ ላይ አሁንም ባለዕዳ ነው።

የሚያሳስበኝ በሁለቱም መንገድ ዴቢትና ክሬዲት እኩል መምጣታቸው ነው። ድምሩ ካላጋለጠው፣ እንዲህ ያለውን ስህተት እናንተ በምን ትይዙታላችሁ? የተሰብሳቢ ሂሳቡን ቀሪ በየቀኑ ከዱቤ ደብተሩ ጋር ማመሳከር ይበቃል ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?