ውሳኔው ብቻ፣ ሐተታው ጭምር ወይስ ቃል በቃል? በቃለ ጉባኤ አያያዝ ላይ የተነሣ ክርክር

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ፦ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን የቦርድ ጸሐፊ ነኝ። ሰብሳቢያችን ውሳኔው ብቻ ይጻፍ ይላሉ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ደግሞ የተባለው ሁሉ ይስፈር ይላል። የማንን ልቀበል?

የሕግ ተማሪ፣ ከደሴ፦ የቁጥጥር ኮሚቴውን እደግፋለሁ። ስብሰባው በስልክ ተቀርጾ ቃል በቃል ቢገለበጥ ጸሐፊው የሚቀንሰውም የሚጨምረውም አይኖርም።

ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ከደሴ፦ ልጄ፣ የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ውሳኔውም በገጾች መካከል ተቀብሮ ይቀራል። እኔ የምመክረው በየአጀንዳው እንዲለይ ነው። የቢሮ ኪራይ ክፍያን የመሰለ ጉዳይ ውሳኔው፣ ፈጻሚውና ቀነ ገደቡ ከተጻፈ ይበቃዋል። ብድር ግን እንዲህ አይደለም። አንድ አባል 200,000 ብር ጠይቆ ቦርዱ 150,000 ፈቀደ እንበል። «ቦርዱ ተወያይቶ 150,000 ብር ፈቅዷል» ተብሎ ብቻ ከታለፈ፣ አባሉ ከወራት በኋላ ቅሬታ ሲያቀርብ ለምን እንደተቀነሰበት ማንም ከመዝገቡ ሊያስረዳው አይችልም። ዋሱ ቀድሞ ለሌላ ተበዳሪ መፈረሙ፣ ሁለት አባላት በዚህ ምክንያት ሙሉው እንዳይፈቀድ መከራከራቸው ከነስማቸው፣ እንዲሁም የድምፁ ቆጠራ በአራት በአምስት መስመር ሊሰፍር ይገባል። ቃል በቃል የምጽፈው በዲሲፕሊን ጉዳይ የሚሰጥን የምስክርነት ቃል ነው፤ ጥያቄውና መልሱ እንደተነገረ ተጽፎ፣ ለምስክሩ ተነቦለት ይፈርምበታል። እዚያ ላይ «ሰጠሁት» እና «ሳልሰጠው አልቀረሁም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የእድር አባል፣ ከኮምቦልቻ፦ የእኛ ችግር ሌላ ነው። ጸሐፊው በጽሑፉና በፊርማዎቹ መካከል ባዶ ቦታ ትተው ነበርና፣ ያልተወሰነ የቅጣት ገንዘብ በኋላ ገብቶበት አገኘን።

ጡረታ የወጡት ኃላፊ፦ እትዬ፣ የትኛውም ዓይነት አጻጻፍ ከዚያ አያድንም። ከመጨረሻው ቃል በኋላ ያለው ባዶ ቦታ በመስመር ይሰረዝ፤ እያንዳንዱም ገጽ ይፈረምበት።

የሌላ ማኅበር ቦርድ አባል፣ ከደሴ፦ ጋሼ፣ በብድሩ ምሳሌ እስማማለሁ፤ የተቃወሙት አባላት ስም መስፈሩን ግን አልቀበልም። ሁላችንም የአንድ ከተማ ሰዎች ነን፤ ብድር የተቀነሰበት ሰው ስሜን ካየ በሚቀጥለው ስብሰባ ዝም እላለሁ። «ሁለት አባላት» ይባል።

የሕግ ተማሪ፦ ስለ ግልባጩ ጋሼ ያሉትን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ብድሩ ሳይመለስ ቀርቶ ቦርዱ በኃላፊነት ቢጠየቅ፣ ስሙ ያልሰፈረ ተቃዋሚ መቃወሙን በምን ያስረዳል?

የቦርድ አባሉ፦ የፈለገ ራሱ ጠይቆ ያስመዝግብ እንጂ ጸሐፊው በራሱ ፈቃድ አይጻፍ።

ጡረታ የወጡት ኃላፊ፦ ሲጠየቅ መመዝገቡ ግዴታ ነው። ሳይጠየቅ ግን እኔ እጽፍ ነበር፤ የመዝገቡን ማየት የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ ማኅበሩ አስቀድሞ ይወስን።

የቦርድ አባሉ፦ እሱ እስኪወሰን ድረስ በአቋሜ እጸናለሁ።